የሞት ምክንያት የሚለው ባዶ ቦታ

አንድ የሰፈር እድር መዝገቡን ከደብተር ወደ ስልክ መተግበሪያ ለማዛወር ሲነሳ፣ ሥራውን እንዳይላቸው ብለው ጠሩኝ። 200 ያህል አባላት ያሉት፣ እንደ ማንኛውም እድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ያለው፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ መዋጮ የሚሰበስብ እድር ነው። መተግበሪያውን የሚሠራው የአንዱ አባል ልጅ፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ትጉህ ወጣት ነበር። ላፕቶፑን ከፍቶ የመመዝገቢያ ገጹን ሲያሳየን ጥያቄዎቹን ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው።

ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራ፣ የወር ገቢ፣ የመታወቂያ ፎቶ እያለ ይቀጥላል። ሞት የሚመዘገብበት ገጽ ደግሞ ለብቻው ነው። እዚያ ላይ የሟች ስም፣ ዝምድና፣ ቀን፣ የቀብር ቦታ ከተጠየቀ በኋላ በመጨረሻ «የሞት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

«ይህ ለምን አስፈለገ?» አልኩት።

«ምናልባት ወደፊት ለሪፖርት ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ነው» አለ።

ከ30 ዓመት በላይ የእድሩን ደብተር የያዙት ጸሐፊ መነጽራቸውን አውልቀው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ይህ እድር ምን ገደለው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቀው ቀብሩ መቼ ነው ብሎ ነው።»

የእርሳቸው ንግግር ከብዙ የሙያ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነበረው። በዚህ አገር አንድ ሰው በኤች አይ ቪ ወይም ራሱን በማጥፋት ሞተ መባል ለቤተሰቡ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም። እድሩ ድንኳኑን ለመትከል ይህን ማወቅ አያስፈልገውም። ባዶ ቦታው ግን ገጹ ላይ ካለ ይሞላል፤ ከተሞላ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ አንድ ቀን የማይመለከተው ሰው ያየዋል። ስለ ተጠቃሚ መረጃ ጥበቃ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ስለ ይለፍ ቃልና ስለ ሰርጎ ገቦች ነው። ትልቁ ውሳኔ ግን ከዚያ በፊት፣ ቅጹ ሲነደፍ ተወስኖ ያልቃል። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም፣ አይሸጥም፣ በስህተትም ወደ ቴሌግራም ግሩፕ አይላክም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አራት ነገር እየጠየቅን ዋልን። በዚህ መረጃ እድሩ የትኛውን ሥራ ይሠራል? ባይኖር የቱ ሥራ ይቆማል? ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ሃይማኖትና ብሔር ባይኖሩ የሚቆም ሥራ የለም፤ ወጡ። ገቢና ትምህርትም ወጡ። የመታወቂያ ፎቶ የተጨመረው ሰውዬው የሰፈሩ ነዋሪ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ይህንን ግን ጸሐፊው መታወቂያውን በዓይናቸው አይተው «ታይቷል» የሚል ምልክት ቢያደርጉ ይበቃል። ፎቶውን ማስቀመጥ ማለት 200 ሰው በስሙ የተሟላ መታወቂያ የሚገኝበት ፋይል ሠርቶ መጠበቅ ነው።

የትውልድ ቀን ብዙ አከራከረን። ወጣቱ «ማንም የሚጠይቀው ተራ ነገር ነው» አለ። ተራ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ አካባቢ ቁጥር ብቻ አንድ ላይ ሲሆኑ 87 ከመቶ የሚሆኑትን አሜሪካውያን ለይቶ ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይታለች። ስም የሌለው መዝገብ እንኳ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ስም ያገኛል። በዚያ ላይ ከአባላቱ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው፤ የተወለዱበትን ቀን በትክክል አያውቁትምና ቅጹ ካስገደዳቸው መስከረም 1 ብለው ይሞላሉ። በዚህ መንገድ የተገኘው ቀን ውሸት ነው፤ ውሸት መሆኑ ግን መዝገቡ ላይ አይታይም።

ሆኖም ዕድሜ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሞት የሚከፍለው ገንዘብ ከአዋቂው ይለያል። በመጀመሪያ «ከ18 በታች ነው ወይስ በላይ?» የሚል ምልክት ይበቃል ብለን ነበር። ልጅ ግን ያድጋል፤ ዛሬ ትክክል የሆነው ምልክት ከሁለት ዓመት በኋላ ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ለልጆች ብቻ የተወለዱበትን ዓመት እንጠይቅ አልን፤ ቀኑንና ወሩን ሳይሆን ዓመቱን። አነስተኛ መረጃ መሰብሰብ ማለት ሁልጊዜ ማሳጠር አይደለም። ሥራው የሚፈልገውን ያህል መጠየቅ ነው።

ከሁሉ የከበደን የቤተሰብ ዝርዝር ነው። እድር ያለ እርሱ አይሠራም፤ የባል እናት፣ የሚስት አባት፣ ወንድምና እህት ሲሞቱ የሚደረገው በዝምድና ይወሰናል። ችግሩ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ምንም አለመጠየቃቸው ነው። ገጠር ያሉ አማት አዲስ አበባ በሚገኝ ስልክ ውስጥ ስማቸው መግባቱን አያውቁም። ስለዚህ ስለ እነርሱ ስምና ዝምድና ብቻ ይያዝ፣ ስልክና ፎቶ ይቅር ተባለ። የዝምድናው ምርጫ ራሱም ሌላ ነገር አወጣ። ወጣቱ «ልጅ»፣ «እንጀራ ልጅ»፣ «የማደጎ ልጅ» ብሎ ሦስት አማራጭ አስቀምጧል። ደንቡ ለሦስቱም እኩል ይከፍላል። እንግዲያው ልዩነቱ ለእድሩ ምንም አይሠራለትም፤ ለአንድ ያልተነገረው ልጅ ግን ሕይወቱን የሚያናጋ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ሦስቱን «ልጅ» በሚል አንድ ቃል ጠቀለልናቸው።

ሲመሽ ከ31 ጥያቄ 9 ቀሩ። ስለ አባሉ ስም፣ ስልክ፣ ቤቱ የሚታወቅበት ምልክት፣ አባል የሆነበት ቀን፣ የተጠሪ ስምና የተጠሪ ስልክ፤ ስለ ቤተሰብ ደግሞ ስም፣ ዝምድና፣ ለልጆች ብቻ የተወለዱበት ዓመት። የቤቱን ቦታ በጂፒኤስ መያዝ አላስፈለገም። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» የሚለው ድንኳን ተሸካሚዎቹን ያደርሳቸዋል።

ቅጹ ግን መተግበሪያው የሚሰበስበው ሁሉ አይደለም። ስልኩ በጀርባ የሚሰጠው አለ። ወጣቱ ተጠሪን ከስልክ ማውጫ ለመምረጥ እንዲመች ብሎ `READ_CONTACTS` የሚለውን የአንድሮይድ ፈቃድ አስገብቶ ነበር። ይህ ፈቃድ ሲሰጥ አንድን ቁጥር ሳይሆን ማውጫውን በሙሉ ይከፍታል፤ የሐኪሙን፣ የጠበቃውን፣ የቀድሞ ወዳጅን ቁጥር ጭምር። ተጠቃሚው አንድ ሰው ብቻ መርጦ የሚያቀብልበት የስልኩ የራሱ መምረጫ ገጽ አለ፤ ለዚያ ፈቃዱ ጨርሶ አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ፣ ከውጭ የሚጨመሩ ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች የራሳቸውን ፈቃድ ሳይታወቅ ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ መታየት ያለበት ሠሪው የጻፈው የፈቃድ ዝርዝር ሳይሆን፣ ሁሉም ከተደባለቀ በኋላ የሚወጣው የመጨረሻው ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ካለ የፍሎን ታሪክ ይስማ። ፍሎ የሴቶችን የወር አበባና እርግዝና የሚከታተል፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው የተጠቀመበት መተግበሪያ ነው። የጤና መረጃቸውን ለማንም እንደማይሰጥ ለተጠቃሚዎቹ ቃል ገብቶ ነበር። ውስጡ ግን የፌስቡክንና የጉግልን የመሳሰሉ የአጠቃቀም መከታተያ ጥቅሎች ነበሩበት። አንዲት ሴት የእርግዝናዋን ሳምንት ስትሞላ `R_PREGNANCY_WEEK_CHOSEN` የሚል ስም ያለው ምልክት ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ቅጹን ማንም አልላከም፤ የምልክቱ ስም ብቻውን ነገሩን ተናገረ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክስ አቅርቦ በ2021 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። እኛም ከእድሩ መተግበሪያ መከታተያ ጥቅሉን አወጣን። 200 አባል ያለው እድር የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ማወቅ ከፈለገ እሑድ ስብሰባ ላይ መጠየቅ ይችላል።

ቀጥሎ የፈቃድ ገጹ መጣ። የመጀመሪያው ንድፍ ረጅም ጽሑፍ፣ ከሥሩ «በመቀጠልዎ በውሉና በሁኔታዎቹ ተስማምተዋል» የሚል መስመርና አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበር። እምቢ የሚባልበት ቦታ የለውም። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ለሁሉም ነገር ፈቃድ መጠየቅ ትክክል አይደለም። እድሩ የአባሉን ስምና መዋጮ ሳይመዘግብ እድር ሊሆን አይችልም፤ ይህ ከአባልነቱ ጋር የሚመጣ ነው። ለዚህ «ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን ማታለል ነው፤ «አይ» ቢል ምን ልንል ነው? እዚህ የሚያስፈልገው ማሳወቅ ነው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግም ፈቃድን ከስድስት ሕጋዊ ምክንያቶች እንደ አንዱ ብቻ ይቆጥረዋል። የእኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከፈቃድ ሌላ ምክንያቶችን ያውቃል፤ አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ባይሰጥም አገልግሎቱ በሚቀጥልበት ነገር ላይ ነው። በእድሩ መተግበሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ ተገኘ፤ የአባሉን ስልክ ቁጥር ሌሎች አባላት ይዩት ወይስ አይዩት የሚለው።

አዲሱን ገጽ እንዲህ ጻፍነው። «ስልክ ቁጥርዎን ሌሎች የእድሩ አባላት እንዲያዩት ይፈልጋሉ? ካልፈለጉ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ያዩታል። የእድር መብትዎ በምንም አይቀንስም። ሐሳብዎን በፈለጉ ጊዜ መለወጥ ይችላሉ።» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፤ «ይታይ» እና «አይታይ»። መጠናቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ። ገጹም የሚመጣው መተግበሪያው ገና ሲከፈት ሳይሆን፣ አባሉ ስልኩን ሞልቶ እንደጨረሰ ነው። ሰው ስለ አንድ ነገር የሚያስበው ነገሩ እጁ ላይ ሳለ ነው።

የቁልፎቹ እኩልነት የውበት ጉዳይ አይደለም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም ክኒል በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ መቀበል በአንድ ንክኪ ሲያልቅ እምቢ ማለት ብዙ እርምጃ ይጠይቅ ነበር። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥንም ዋጋ የለውም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ፕላኔት49 በተባለው ጉዳይ፣ ተጠቃሚው ያላነሳው ምልክት ፈቃድ ሊባል እንደማይችል ወስኗል።

ገጹን በአምስት አባላት ሞከርነው። አንብበው «ይታይ» ወይም «አይታይ» ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅናቸው፤ «አሁን ቁጥርዎን ማን ማን ያየዋል?» ከአምስቱ ሦስቱ ተሳሳቱ። «የእድሩ አባላት» የሚለውን የኮሚቴው አባላት ብለው ነበር የተረዱት። ስለዚህ «200 የሚሆኑት አባላት በሙሉ» ብለን ለወጥነው፤ ከዚያ በኋላ የተሳሳተ አልነበረም፣ «አይታይ» የሚሉትም በዙ። ይህ ውጤት ኮሚቴውን ትንሽ አሳዝኖ ነበር። እኔ ግን ገጹ መሥራቱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ማንበብ የማይችሉ አባላትም አሉ። ጸሐፊው ስለ እነርሱ ሆነው «ይታይ» የሚለውን እንዲነኩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የጸሐፊው ጣት የአባሉ ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ ያው ጽሑፍ በጸሐፊው በራሳቸው ድምፅ ተቀርጾ ገጹ ላይ ተቀመጠ። አባሉ ሰምቶ ራሱ ይነካል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ የጽሑፍ መልእክት ይላካል፤ ፊደል የሚቸግረው ልጅ ወይም ጎረቤት ያነብለታል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ መጣ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት እስከ 160 ምልክት ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ነው፤ ክፍተቱም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ወደ ሁለት መልእክት ይከፈላል፣ ዋጋውም እጥፍ ይሆናል። እንዲህ አሳጠርነው፦

```
ቁጥርዎን አባላት እንዲያዩት ከፈቀዱ 1፣ ካልፈቀዱ 2 ብለው ይመልሱ። እድሩ
```

መልስ ያልሰጠ ሰው አልፈቀደም ተብሎ ይያዛል። መተግበሪያውም ከምላሹ ጋር ቀኑንና ያኔ የታየውን ጽሑፍ ቅጂ ቁጥር ያስቀምጣል። ጽሑፉ ነገ ቢለወጥ፣ ሰውዬው የፈቀደው የትኛውን እንደነበር መታወቅ አለበት።

የቀረው የመረጃ አያያዝ መግለጫው ነበር። ወጣቱ ያመጣው ከአንድ የውጭ ድርጅት ተቀድቶ የተተረጎመ 11 ገጽ ነው። መተግበሪያው ስለማይጠቀምባቸው ኩኪዎች ሁለት አንቀጽ አለው። አጋር ድርጅት ሳይኖር ስለ «ሦስተኛ ወገን አጋሮቻችን» ያወራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነበው አይኖርም፤ ማክዶናልድና ክራነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. እንዳሰሉት፣ አንድ ሰው በዓመት የሚያገኛቸውን ድረ ገጾች መግለጫ ሁሉ ቢያነብ 244 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

በእኛ ቋንቋ ግን ከርዝመቱ የሚብስ ነገር አለ። «መረጃዎ ሊሰበሰብና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ለሚመለከታቸው አካላት ሊተላለፍ ይችላል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። ሰብሳቢው ማነው? አስፈላጊ መሆኑን የሚወስነውስ? አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ይሸከማል፤ «እንሰበስባለን» ስንል ማን እንደሆነ ይታወቃል። «ይሰበሰባል» ስንል ግን ሠሪው ከዐረፍተ ነገሩ ይሰወራል፤ «ሊ…ይችላል» ሲጨመርበት መፈጸሙና አለመፈጸሙም ይሰወራል። ስለዚህ ሁለት ደንብ አወጣን። እያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን ያሳይ፤ «ሊ…ይችላል» የሚል ቦታ ሁሉ በእርግጠኛ ቃል ይተካ። ዐረፍተ ነገሩ በዚህ መንገድ አልጻፍ ካለ፣ ጉድለቱ ያለው ከቃሉ ሳይሆን ገና ካልተወሰነው ነገር ነው።

በእርግጥም አንድ ቦታ ላይ ተያዝን። «ከእድሩ ሲወጡ መረጃዎን እናጠፋለን» ብለን ጻፍን። ወጣቱ ዐረፍተ ነገሩን ከሠራው ሥርዓት ጋር ሲያስተያይ እውነት እንዳልሆነ አየ። የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ለ30 ቀን ይቆያሉ። የመዋጮው ሒሳብ ደግሞ ከጠፋ የሌሎቹ አባላት ድምር ይፈርሳል። በዚያ ላይ አሮጌው ደብተር በጸሐፊው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ተመልሰን ወሰንን፤ ከዚያም እንዲህ ጻፍን። «ከእድሩ ሲወጡ ስምዎን፣ ስልክዎንና የቤተሰብዎን ዝርዝር ከመተግበሪያው በዚያው ሳምንት እናጠፋለን። ከመጠባበቂያ ቅጂው በ30 ቀን ውስጥ ይጠፋል። የከፈሉት መዋጮ በሒሳቡ ላይ ይቀራል፤ በስምዎ ፈንታ ግን ቁጥር ይተካል። የድሮውን የወረቀት ደብተር አናጠፋም፤ ጸሐፊው ቆልፈው ይይዙታል።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደስ አይልም። እውነት ስለሆነ ግን ቀረ።

መግለጫው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከላይ «ማን ያየዋል?» የሚለው ተቀመጠ፤ ከአባላቱ አብዛኞቹ መጀመሪያ የጠየቁት እርሱን ስለሆነ ነው። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙን የሚያየው ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው ብቻ መሆኑም በግልጽ ተጻፈ። መጨረሻው ላይ ቅሬታ ያለው ሰው የሚደውልለት የጸሐፊው ቁጥር አለ።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ወደ ኮሚቴው መጣ። ለእድር አባላት የተዘጋጀ የሕይወት ዋስትና አለኝ፣ የአባላቱን ስምና ስልክ ስጡኝና እኔ እደውልላቸዋለሁ አለ። ዋጋውም ጥሩ ስለነበር ከኮሚቴው ሁለቱ ለመስጠት ፈልገው ነበር። ጸሐፊው መግለጫውን አውጥተው አንድ መስመር አነበቡ፤ «ስልክዎን ከእድሩ ውጭ ላለ ማንም አንሰጥም።» ቁጥሩ የተሰበሰበው ለቀብርና ለመዋጮ ነው፤ ለሌላ ሥራ ለማዋል እያንዳንዱን አባል እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ትንሽ ዝም ተባለና ጸሐፊው ወደ ወኪሉ ዞሩ። «የእርስዎን ቁጥር ይስጡን» አሉት። በዚያው ምሽት ለአባላቱ ሁሉ የወኪሉን ስልክ የያዘ አጭር መልእክት ተላከ። የፈለገ ደወለ። ዝርዝሩ ከእድሩ አልወጣም።